ጥሪ እንጂ መጥሪያ አይሁን

ሽሮ ሜዳ ጋቢና ነጠላ የምትሸጥ ዘመድ አለችኝ። ሱቋ በር ላይ ቆም ብሎ የተሰቀለውን የሚያይ ሰው ስታገኝ ተንደርድራ አትነሳም። ትንሽ ታቆየውና «ግቡ፣ ዳስሱት፤ ማየት አይከፈልበትም» ትላለች። ሰውየው ገብቶ ጨርቁን በጣቶቹ መሀል ሲያሽ፣ «ለራስዎ ነው ወይስ ለሰው?» ትጠይቀዋለች። «ለእናቴ» ካላት አንዱን ከማንጠልጠያው አውርዳ እጁ ላይ ትዘረጋለታለች፣ ጠርዙን ገልጣ አራት ድርብ መሆኑን ታስቆጥረዋለች። ዋጋውን ሲጠይቃት ሳታንገራግር ትነግረዋለች። «ዞር ዞር ብዬ ልምጣ» ቢላትም ፊቷ አይጠቁርም፤ ጋቢውን አጥፋ ትመልሳለች። ብዙዎቹ ዞረው ይመጣሉ።

ይህችው ልጅ ማታ ስልኳን ይዛ ለቴሌግራም ቻናሏ ስትጽፍ ሌላ ሰው ትሆናለች። ባለፈው ሐምሌ መጨረሻ የለጠፈችውን ልጥቀስ። «ፍጠኑ! ፍጠኑ! ጥቂት ፍሬ ብቻ ነው የቀረን! እንዳያመልጥሽ! አሁኑኑ ይደውሉ! ዋጋ በውስጥ መስመር።» ከሥሩ ስልክ ቁጥር፣ ከላዩ ሦስት የእሳት ምልክት። እንዲህ የምትጮህ ሴት በሱቋ ውስጥ አይቼ አላውቅም። ምነው ብላት፣ «ጋሼ ደግሞ! ማስታወቂያ እኮ እንዲህ ነው የሚጻፈው» አለችኝ።

በንግድ ቋንቋ ይህች የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር «የድርጊት ጥሪ» ትባላለች። ዕቃውን ያየው ሰው ቀጥሎ ምን ያድርግ የሚለውን የምትነግረው እሷ ነች። «ጥሪ» የሚለው ስም ደስ ይለኛል። የሰርግ ጥሪ ሲመጣልን ቀኑን፣ ቦታውንና ጠሪውን ይነግረናል፤ አክብሮ ይጠራናል፤ ካልተመቸን ግን መቅረት እንችላለን። ከዚሁ ቃል የወጣው «መጥሪያ» ግን ሌላ ነው። እሱን የሚልከው ፍርድ ቤት ነው፤ ባትቀርብ ጉዳዩ በሌለህበት ይታያል። የእጅ ሥራ ከሚሸጡ ወገኖቻችን ማስታወቂያዎች አብዛኞቹ ጥሪ ልጻፍ ብለው ተነስተው መጥሪያ ይሆኑባቸዋል።

ሰው ሲገፋ ለምን ወደ ኋላ እንደሚል አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ጃክ ብሬም እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተመው መጽሐፍ አብራርቶታል። ሐሳቡ ባጭሩ፣ ሰው የመምረጥ ነፃነቱ ሊነካበት እንደሆነ ሲሰማው ያንን ነፃነቱን ለማስመለስ ይታገላል የሚል ነው። ብዙ ጊዜም የተባለውን ባለማድረግ ያስመልሰዋል። «አሁኑኑ» የሚለውን ቃል ያነበበች ደንበኛ ጋቢውን ባትጠላውም ስልኩን ታስቀምጣለች፤ ያልወደደችው መታዘዙን ነው።

የዚህ ተቃራኒም ተፈትኗል። ኒኮላ ጌጌንና አሌክሳንድር ፓስኳል የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጡት ጥናት፣ ፈረንሳይ ውስጥ በአንድ የገበያ አዳራሽ መንገደኞችን ለአውቶቡስ የሚሆን ሳንቲም ጠየቁ። እንዲሁ ሲጠየቁ የሰጡት ከመቶ አሥሩ ነበሩ። በጥያቄው ላይ «ለመስጠትም ላለመስጠትም ነፃ ነዎት» የምትል አንዲት ሐረግ ስትጨመር ግን የሰጪዎቹ ቁጥር ከመቶ 47 አለፈ። የዘመዴ «ማየት አይከፈልበትም» ሥራዋ ይኸው ነው፤ ሽሮ ሜዳ ፈረንሳይን አልጠበቀም። ነገር ግን ሳንቲም መስጠትና ጋቢ መግዛት አንድ አይደለም። በዚህ ዘዴ ላይ የተሠሩ 42 ጥናቶችን ክሪስቶፈር ካርፔንተር እ.ኤ.አ. በ2013 አንድ ላይ ሲመረምር፣ ሐረጓ የምትሠራው በተለይ የተጠየቀው ነገር እዚያው ወዲያው የሚፈጸም ሲሆን እንደሆነ አግኝቷል። ስለዚህ «ባይገዙም ግዴለም» ማለት ብቻውን አያዋጣም። የምንጠይቀው ነገር ራሱ እዚያው በቆሙበት የሚደረግ ትንሽ ነገር መሆን አለበት። ይህን ያዙልኝ፤ ዝቅ ብዬ እመለስበታለሁ።

በአማርኛ ሲሆን ሌላም ጣጣ አለ። ቋንቋችን ትእዛዝን ያለ ፆታና ያለ ማዕረግ መስጠት አይችልም። ሻጩ «እዘዝ»፣ «እዘዢ»፣ «እዘዙ» ወይም «ይዘዙ» ከሚሉት አንዱን መምረጥ ግዴታው ነው። ዘመዴ በሁለት መስመር ውስጥ «ፍጠኑ» ብላ ብዙዎችን ጠራች፣ «እንዳያመልጥሽ» ብላ ወደ አንዲት ሴት ዞረች፣ «ይደውሉ» ብላ በአክብሮት ጨረሰች። አንባቢዋ ማን እንደሆነ እሷም አላወቀችውም። ጋቢ ገዢዎቿ ብዙዎቹ ለወላጆቻቸው የሚገዙ ትልልቅ ሰዎች ስለሆኑ «እርስዎ» ይስማማታል። ለእኩዮቿ የጆሮ ጌጥ የምትሠራ ወጣት ደግሞ «ቁጥሩን ላኪልኝ» ብትል ያምርባታል፤ «ቁጥሩን ይላኩልኝ» ብትል ባንክ ቤት ትመስላለች። አንዱን መርጦ እስከ መጨረሻው መዝለቅ ነው ቁም ነገሩ።

ከማዕረጉ ይልቅ ዋናው ግሱ የሚያርፍበት ቦታ ነው። በአማርኛ ዓረፍተ ነገር ግስ መጨረሻ ላይ ነው የሚቀመጠው፤ አንባቢው ጆሮ ውስጥ የሚቀረውም እሱ ነው። «ቪዲዮውን ለማየት አሁኑኑ ይደውሉ» ካልን የመጨረሻው ቃል ሸክሙን ደንበኛው ጫንቃ ላይ ይጥላል። «ቁጥሩን ቢጽፉልን ቪዲዮውን እንልክልዎታለን» ካልን ግን ደንበኛው የሚያደርገው ትንሿ ነገር መሀል ላይ ታልፋለች፣ ዓረፍተ ነገሩ የሚያርፈው ሻጯ ግዴታ ላይ ነው። የተጠየቀው ነገር ያው ነው፤ የሥራው ባለቤት ግን ተቀየረ። ይህችን «ቢ» እንደ ቅቤ ማብዛት ግን አያስፈልግም። «ቢፈልጉና ቢመችዎ፣ ጊዜ ቢኖርዎ ቢያናግሩን» የሚል ሰው ልመና ላይ ነው።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ቡና አስፈልተን የዘመዴን የውስጥ መስመር መልእክቶች ከሐምሌ መጀመሪያ አንስተን አነበብን። ጥሪ ከመጻፋችሁ በፊት ይህን ብታደርጉ ምን እንደምትጽፉ ደንበኞቻችሁ ራሳቸው ይነግሯችኋል። ከግማሽ የሚበልጡት አንድ ቃል ነበሩ፤ «ዋጋ?»። እሷ ሱቅ ውስጥ ስትሯሯጥ ውላ ማታ ትመልሳለች፤ ሰዎቹ በዚያን ጊዜ ቀዝቅዘዋል። ቀጥሎ የሚበዛው «ፈትል ነው ወይስ የፋብሪካ ክር?» የሚል ነበር። ከዋሽንግተንና ከፍራንክፈርት የሚጽፉት ደግሞ «በቪዲዮ ልታሳዪኝ ትችያለሽ?» እና «ለእንቁጣጣሽ ይደርሳል?» ይላሉ። «ስልክሽ ስንት ነው?» ያለ አንድም ሰው አላገኘንም። ማስታወቂያዋ በሦስት የእሳት ምልክት አጅቦ ሲጮህ የነበረው ግን ስለ ስልኩ ነበር።

ዋጋውን ለምን አትጽፊውም ብላት፣ ጎረቤት ሱቆች አይተው ዝቅ አድርገው ይሸጡብኛል ብላ ፈራች። ፍርሃቷ ከንቱ ነው አልልም። ነገር ግን ጎረቤቷ ዋጋዋን ማወቅ ከፈለገ ሰው ልኮ ማስጠየቅ አያቅተውም፤ ዋጋው የተሰወረው ከገዢዋ ብቻ ነው። ገዢዋ ደግሞ «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚለውን ስታነብ ሁለት ነገር ትጠረጥራለች። ወይ ዋጋው ውድ ነው፣ ወይ እንደ ሰው ፊት የሚለያይ ነው። የጠየቀች እንደሆነም ሻጯ ልታግባባት እንደምትከተላት ታውቃለች። እንግዲህ ግፊያው የጀመረው «ፍጠኑ» ከመባሉ በፊት ነው ማለት ነው።

ከዚያ መጻፍ ጀመርን። የመጀመሪያ ሙከራዋ ከጩኸቱ ሸሽታ ሌላ ጉድጓድ ገባች። «ውድ ደንበኞቻችን፣ ከወደዳችሁትና ከተመቻችሁ ልታናግሩን ትችላላችሁ፣ ደስ ይለናል።» ጨዋ ነው፤ ግን ምን ብዬ ላናግር? ስለ የትኛው ጋቢ? በሁለተኛው ሙከራ ይህን ልታርም ብላ ሁሉንም በር ከፈተችው። ለማዘዝ ይደውሉ፣ ለመደራደር ይጻፉ፣ ሱቅ ብቅ ይበሉ፣ ቻናላችንን ይቀላቀሉ፣ ለወዳጅዎ ያጋሩ። አምስት በር የተከፈተለት ሰው ደጅ ቆሞ ይቀራል።

እዚህ ላይ ወደ ሱቋ መለስኳት። በሩ ላይ ለቆመው ሰው «ግዛ» ትይዋለሽ? አትልም። «ዳስሱት» ነው የምትለው። የእጅ ሥራ የሚገዛ ሰው ከስልክ ላይ የሚጎድለው መዳሰሱ ነው፤ ፎቶ ልስላሴን አያሳይም፣ የክሩን ውፍረት አያሳይም። ስለዚህ ጥሪዋ የግዢ ጥሪ መሆን የለበትም፣ የመዳሰስ ጥሪ ነው መሆን ያለበት። በስልክ ለመዳሰስ የሚቀርበው ደግሞ በደንብ የተነሳ ቪዲዮ ነው። መስኮት አጠገብ፣ በቀን ብርሃን፣ ሃያ ሴኮንድ ያህል። ጋቢውን በጡጫ ጨብጦ መልቀቅ፣ ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርጎ ሽመናው ምን ያህል ጥቅጥቅ እንዳለ ማሳየት፣ ጠርዙን ገልጦ ድርቡን መቁጠር። ሙዚቃ አያስፈልገውም፤ የእሷ ድምፅ ይበልጣል።

ለያንዳንዱ ጋቢ ቁጥር ሰጠነው። ይህ ቀላል ይመስላል እንጂ ደንበኛውን «ያ ጠርዙ አረንጓዴ የሆነው፣ ባለፈው ሳምንት የለጠፍሽው» ከሚል ገለጻ ይገላግለዋል። የሚጠበቅበት ሁለት አኃዝ መጻፍ ብቻ ሆነ። የመጨረሻው ጽሑፍ ይህ ነው፦

«ቁጥር 14፣ ጋቢ፣ 4,800 ብር። አዲስ አበባ ውስጥ ማድረሻው ከኛ ነው። ማጉ የእጅ ፈትል፣ ድሩ የፋብሪካ ክር፤ አራት ድርብ፣ ጠርዙ ላይ ቀጭን አረንጓዴ ጥለት። ፎቶ ልስላሴውን ስለማያሳይ ‹14› ብለው ቢጽፉልን በቀን ብርሃን የተነሳ አጭር ቪዲዮ እንልክልዎታለን። አይተው ቢተዉትም ቅር አይለንም።»

«ድሩ የፋብሪካ ክር» የሚለውን ልታወጣው ፈልጋ ነበር። ብዙው ጋቢ እንዲያ ነው የሚሠራው፤ ድሩም ማጉም ፈትል የሆነው ዋጋው ሌላ ነው። እንዲቆይ ያደረግኩት ለጥሪው ስል ነው። «ፈትል ነው ወይ?» የሚለው ጥያቄ እዚያው ከተመለሰ፣ ሰውየው ሲጽፍላት ሊመረምራት አይደለም የሚመጣው፣ ሊያይ ነው። የመጨረሻዋ «ቅር አይለንም» ደግሞ ከጌጌንና ፓስኳል ሐረግ ጋር ዘመድ ነች፤ እዚያው በቆመበት የሚደረግ ትንሽ ነገር አጠገብ ስለተቀመጠች ቦታዋን አግኝታለች።

ዋጋውና ቁጥሩ ከላይ የሆኑት በአጋጣሚ አይደለም። ኢንስታግራም ላይ ከፎቶው ሥር የሚታየው የመጀመሪያው አንድ ሁለት መስመር ብቻ ነው፤ ሌላውን ለማየት መንካት ያስፈልጋል። በዚያ ላይ ከፎቶ ሥር የተጻፈ አድራሻ ኢንስታግራም ላይ ቢነኩት አይከፈትም፤ ስለዚህ እዚያ «መልእክት ይጻፉልን» ማለቱ ይበቃል። ለውጭ አገር ደንበኞቿ፣ ዋትስአፕ ለሚጠቀሙት፣ ሲነኩት መልእክቱ ተጽፎ የሚጠብቃቸው አድራሻ አዘጋጀንላት፦

```
https://wa.me/251XXXXXXXXX?text=14
```

በኤክሶቹ ቦታ የሻጩ ስልክ ይገባል፣ መነሻዋ ዜሮ ሳትጻፍ፣ የመደመር ምልክትም ሳይኖር። ደንበኛዋ ስትነካው «14» ተጽፎ ይከፈትላታል፣ የሚቀራት መላክ ብቻ ነው።

አሁን ወደ «ጥቂት ፍሬ ብቻ» እንምጣ። ስለዚህ ጉዳይ ትንሽ እቆያለሁ፤ የእጅ ሥራ ሻጮች እውነቱን በእጃቸው ይዘው ውሸት የሚናገሩት እዚህ ላይ ነው። ከአንድ ሌላ ሻጭ «የመጨረሻዋ ፍሬ» የተባለች ነጠላ በጥድፊያ ገዝቼ አውቃለሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ያችው ፎቶ «የመጨረሻዋ ፍሬ» ተብላ እንደገና ተለጠፈች። ነጠላዋ ጥሩ ነበረች፤ እኔ ግን ከዚያ ወዲህ እዚያ ሰው ዘንድ አልገዛሁም። አውሮፓ ውስጥ ደንበኛ ላለው ደግሞ ነገሩ ከትዝብትም ያልፋል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2005 ኢፍትሐዊ የንግድ አሠራሮችን አስመልክቶ ያወጣው መመሪያ በማናቸውም ሁኔታ የተከለከሉትን ሲዘረዝር፣ ገዢው ሳያስብ እንዲወስን ለማድረግ ዕቃው የሚገኘው ለአጭር ጊዜ ብቻ ነው ብሎ በሐሰት መናገርን አንዱ አድርጎታል።

ዘመዴ ስንት ጋቢ እንደሚደርስላት አብረን ቆጠርን። ሁለት ሸማኔዎች ይሠሩላታል፤ እያንዳንዱ ለአንድ ጋቢ አራት የሥራ ቀን ይፈልጋል። ለመታጠፍና ለማድረስ የጳጉሜን ቀናት ስለምትተዋቸው ሥራው ነሐሴ 30 ማለቅ አለበት። ከነሐሴ ሰላሳ ቀናት አራቱን እሑዶች፣ ደብረ ታቦርንና ፍልሰታን ስናወጣ 24 የሥራ ቀን ቀረን። ለአንድ ሸማኔ ስድስት ጋቢ፣ ለሁለቱ 12 ማለት ነው። ከዚያ በላይ የሚደርስበት መንገድ የለም፤ አንዱ ሸማኔ ቢታመም ደግሞ ይቀንሳል። ይህን ሁሉ ዓመት በልቧ ታውቀዋለች፤ ጽፋው ግን አታውቅም።

ጻፍነው። «ለእንቁጣጣሽ የሚደርስልን 12 ጋቢ ነው፤ ሁለት ሸማኔዎች፣ ለአንዱ አራት ቀን። እስከ ዛሬ አምስቱ ተይዘዋል። ከዚህ ያለፈው ለመስቀል ይደርሳል።» «ፍጠኑ» የሚል ቃል የለበትም፣ ሰው ግን ይፈጥናል፤ ምክንያቱን አይቷልና። የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ደግሞ ያልደረሰበትን ሰው ሌላ ቀን ሰጥታ ትሸኘዋለች። ይህ የሚሠራው ግን ቁጥሩ እየተቀነሰ ከተጻፈ ብቻ ነው። አንድ ጋቢ በተያዘ ቁጥር የተሰካውን ማስታወቂያ ከፍቶ አምስትን ስድስት ማድረግ አሰልቺ ሥራ ነው። ሁለት ቀን ከዘነጋችው ያው «ጥቂት ፍሬ» ሆነ።

ከጩኸቱ በተቃራኒ ያለውን በሽታ ሳልነካው አላልፍም፤ እኛ አገር እንዲያውም እሱ ሳይብስ አይቀርም። ይሉኝታ ነው። መሶብ የምትሰፋ ጎረቤት ነበረችኝ። የሠራችውን ፎቶ አንስታ «የእጅ ሥራዬ» ብላ ትለጥፋለች፤ ከሥሩ «ጎበዝ»፣ «እጅሽ ይባረክ» የሚል ይዥጎደጎዳል። መሶቡ እንደሚሸጥ የሚያውቅ ግን ማንም የለም። አንዳንዱ መርቆ ካለፈ በኋላ ከገበያ ሌላ መሶብ ይገዛል። «እንዴት ብዬ ‹ግዙኝ› እላለሁ?» ትለኝ ነበር። ግዙኝ ማለት አያስፈልጋትም። «ይህች ተይዛለች። ተመሳሳይዋን ለመስፋት ሦስት ሳምንት ይፈጅብኛል፤ የሚፈልግ ሰው ቀለሙን ይንገረኝ» ብትል ወሬ ነገረች እንጂ ማንንም አልገፋችም። ለይሉኝተኛ ሰው ጥሪን ከሥራው ሂደት ጋር ማያያዝ ይቀላል፤ ስለ ራሱ ሳይሆን ስለ አለላውና ስለ ስንደዶው ነዋ የሚያወራው።

ጥሪው አምሮ የሚበላሽበት ሌላ ቦታ አለ፤ ሰውየው «14» ብሎ ከጻፈ በኋላ። ውጭ ላይ የታገሠች ሻጭ ውስጥ መስመር ላይ «እህቴ ምን ወሰንሽ?»፣ «ላስቀምጥልሽ?»፣ «አለሽ?» እያለች ማታ ማታ ታንኳኳለች። በሱቁ ቢሆን ደንበኛውን መንገድ ድረስ ተከትላ እጁን እንደ መያዝ ነው። እኛ አንድ ማስታወሻ ብቻ ፈቀድን፤ እሱም የሚላከው እውነተኛ ወሬ ሲኖር ነው። «14ን ጠይቀውን ነበር። ለእንቁጣጣሽ ከሚደርሱት ሦስት ቀርተዋል። ካሰቡበት ይጻፉልን፣ ካልሆነም ችግር የለም።» ከዚህ በኋላ ዝም።

ቀብድም አለ። ሰው ሁሉ እየተስማማ መጥቶ የሚሰወረው ቀብድ ሲጠየቅ ነው። «ቅድሚያ 50 ከመቶ ያስገቡ» የሚለው ቃል ሻጭ ገዢውን እንደማያምን ይናገራል፤ ገዢውም በተራው ሻጩን ማመን ያቆማል። ምክንያቱንና መመለሻውን አብሮ ማስቀመጥ ነው መፍትሔው፦ «ክሩን የምንገዛው በቀብዱ ነው፤ 2,400 ብር። ሸማኔው ሳይጀምር ሐሳብዎን ቢቀይሩ ሙሉው ይመለስልዎታል፤ ከጀመረ በኋላ ግን አይመለስም። የሚጀምርበትን ቀን ቀድመን እንነግርዎታለን።» ክልከላው ሳይለሳለስ ተነግሯል፤ ግልጽ መሆን መግፋት አይደለም። ሰውን የሚያስከፋው ከከፈለ በኋላ የሚሰማው ክልከላ ነው።

ጥሪው መሥራት አለመሥራቱ የሚታወቀው ሰዎች በሚቆሙበት ቦታ ነው። ዋጋው ተጽፎ እያለ «ስንት ነው?» የሚል ከመጣ ዋጋው ዓይን አልገባም፤ ወደ ላይ ይውጣ። ብዙ ሰው አይቶት «14» የሚል ካልመጣ ፎቶው ወይም የተጠየቀው ነገር ይፈተሽ። «14» መጥቶ ከቪዲዮው በኋላ ዝምታ ከሆነ ግን ቃላት መቀያየሩን ተዉት፤ ያልወደዱት ጋቢውን ወይም ዋጋውን ነው፣ ያንን ደግሞ ምንም ዓረፍተ ነገር አያድነውም። ሁሉንም በአንድ ቀን መቀየርም አይጠቅምም፤ የቱ እንደሠራ አይታወቅማ። ቻናሉ ትንሽ ከሆነ ደግሞ አንድ ሳምንት የተገኙ ሦስት ደንበኞች ምንም ላያመለክቱ ይችላሉ፤ ምናልባት ደመወዝ የወጣበት ሳምንት ነበር።

ዘመዴ መጀመሪያ አካባቢ አዲሱን ጽሑፍ አላመነችውም፤ «ቀዝቃዛ ሆነ» እያለች የእሳት ምልክቶቿን ትናፍቅ ነበር። አንዷን መልሳ ለጥፋታለች፤ አይቼ እንዳላየሁ ሆንኩ። ከነሐሴ አጋማሽ በኋላ ግን የውስጥ መስመሯ መልክ ተለወጠ። «ዋጋ?» የሚለው ጠፍቶ ባዶ ቁጥር ብቻ ይመጣ ጀመር፦ 14፣ 9፣ 14፣ 22። እሷም ሱቁ ሲቀዘቅዝ መስኮቱ አጠገብ ቆማ ቪዲዮ ታነሳለች።

ነሐሴ 24 ቀን አሥራ ሁለተኛው ጋቢ ተያዘ። የተሰካውን ማስታወቂያ ከፍታ «ለእንቁጣጣሽ የሚደርሰው አልቋል፤ አሁን የምንይዘው ለመስቀል ነው» ብላ ጻፈች። ማታ ከፍራንክፈርት አንዲት ሴት ጻፈችላት። ከሦስት ሳምንት በፊት የ9ኝን ቪዲዮ አይታ ዝም ያለች ነች። «ያኔ ገንዘብ አልነበረኝም፣ ስላልጨቀጨቅሽኝ ተመልሼ ለመጻፍ አላፈርኩም። 9ኝን ለአባቴ ለመስቀል ያዢልኝ» ይላል። ዘመዴ ስልኩን አሳየችኝና «ቀብዱን አሁን ልንገራት ወይስ ነገ?» ብላ ጠየቀችኝ። አሁን፣ አልኳት።